መጽሐፍ ተከፍቶም የሚያሳስብ የፈተና ጥያቄ እንዴት ይዘጋጃል?

ኦፕን ቡክ ፈተና ላይ ከገጽ መገለባበጥ ሌላ ድምፅ የማይሰማ ከሆነ ጥያቄዎቹን መጠርጠር ጥሩ ነው። ተማሪው ጥያቄውን ያነባል፣ አንዷን ቁልፍ ቃል ይይዛል፣ ማውጫው ላይ ይፈልጋታል፣ ገጹን ያገኝና ይገለብጣል። በእንዲህ ያለ ፈተና ከፍተኛ ውጤት የሚያመጣው ቶሎ የሚያገኝ ነው። የገባው ተማሪና ያልገባው ተማሪ አንድ ዓይነት መልስ ይጽፋሉ፤ ምክንያቱም ሁለቱም የገለበጡት አንድ ገጽ ነው።

መፍትሔው መልሱ የትኛውም ገጽ ላይ ያልተጻፈ ጥያቄ ማውጣት ነው። ተማሪው ሦስት አራት ምንጮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አንዱን በሌላው ፈትኖ፣ ራሱ የሚደርስበት መልስ መሆን አለበት። ይህን ማለት ቀላል ነው፤ ማዘጋጀቱ ላይ ግን ብዙዎቻችን እንቸገራለን። ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጥያቄ አብረን እንሥራ። የመረጥኩት ጉዳይ በ1854 ለንደን ውስጥ የተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝ ነው። ታሪክ፣ ጤና፣ ጂኦግራፊ ወይም ስታቲስቲክስ የምታስተምሩ እንዳለ ልትወስዱት ትችላላችሁ። ሌላ ትምህርት የምታስተምሩ ደግሞ አካሄዱን ውሰዱ። ቀኖቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሰው የሚደግመውን አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጉ

ብዙ ጊዜ ጥያቄ ማውጣት የምንጀምረው «ከምዕራፍ አራት አንድ ላውጣ» ብለን ነው። እንዲህ ሲሆን ጥያቄው የምዕራፉን ርዕስ ይከተላል፣ መልሱም እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ይገኛል። ከምዕራፍ መጀመሩን ተዉትና ሰዎች ሳያመነቱ የሚደግሙትን አንድ አባባል ፈልጉ። ጥሩ የሚሆነው ደግሞ ውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተጣብቀው ያሉበት አባባል ነው።

የኛ ጉዳይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይነገራል። በ1854 ኦገስት ማለቂያ ላይ ሶሆ በሚባለው የለንደን ሰፈር ኮሌራ ገባ። ከ600 በላይ ሰው ሞተ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም «በሽታው የመጣው ብሮድ ስትሪት ላይ ካለው የውሃ ፓምፕ ነው» አለ። ሴፕቴምበር 8 የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ወረርሽኙም ቆመ።

ታሪኩ ሲነገር ፍስስ ይላል። ግን ሁለት አባባል አለበት። አንደኛው፣ በሽታውን ያመጣው የፓምፑ ውሃ ነው። ሁለተኛው፣ ወረርሽኙን ያቆመው የእጀታው መነቀል ነው። የመጀመሪያው እውነት ሆኖ ሁለተኛው ስሕተት ሊሆን ይችላል። ተማሪው ይህን ክፍተት እንዲያይ የሚያደርግ ማስረጃ ካላችሁ ጥያቄ አላችሁ። ማስረጃው ከሌላችሁ ርዕሱ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉትና ሌላ ፈልጉ።

ደረጃ 2፦ ብቻቸውን የማይበቁ ምንጮችን ምረጡ

የሥራው ክብደት እዚህ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ምንጭ አስፈላጊ ይሁን፣ አንዱም ግን ብቻውን አይብቃ። አራት ምንጭ ይበቃል። እያንዳንዱ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ፤ ከዚያ ካለፈ የምትፈትኑት የንባብ ፍጥነትን ይሆናል።

ምንጭ ሀ የስኖው ካርታ ነው። ሰዎች የሞቱባቸው ቤቶች ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ምልክቶቹ ፓምፑ ዙሪያ ታጭቀዋል። ተማሪው ካርታውን ሲያይ ወዲያው «ውሃው ነው» ይላል። ነገር ግን በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሐኪሞችና የጤና ባለሥልጣናት ኮሌራን የሚያመጣው የተበከለ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከአንድ ሰፈር የሚነሣ መጥፎ አየርም ቢሆን ሞትን በዚያው ሰፈር ያጭቃል። ስለዚህ ካርታው ብቻውን ሁለቱን ሐሳቦች አይለያቸውም። ለእኛ የሚጠቅመንም ይህ ጉድለቱ ነው። በምንጩ ራስጌ ላይ ስለ አየሩ እምነት አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፤ አለበለዚያ ተማሪው ተፎካካሪ ማብራሪያ መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ምንጭ ለ ከካርታው ጋር የማይሄዱ ሰዎችን ይይዛል። ከፓምፑ ብዙም ሳይርቅ 535 ሰዎች የሚኖሩበት የድሆች መጠለያ ነበር፤ ከነዚያ ሁሉ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው። መጠለያው የራሱ ጉድጓድ ነበረው። እዚያው ብሮድ ስትሪት ላይ አንድ የቢራ ጠመቃ ቤት ነበር፤ ከ70 በላይ ከሚሆኑት ሠራተኞቹ በኮሌራ የሞተ አልነበረም። ሠራተኞቹ ቢራ ይታደላቸው ነበር፤ ግቢውም የራሱ ጉድጓድ ነበረው። በሌላ በኩል ደግሞ ከሶሆ ርቃ ሃምፕስቴድ የምትኖር አንዲት ባልቴት ነበረች። የብሮድ ስትሪት ውሃ ስለምትወድ በየቀኑ በጋሪ ያመጡላት ነበር። በኮሌራ ሞተች። ልትጠይቃት መጥታ ከዚያው ውሃ የጠጣች የእህት ወይም የወንድም ልጅም ወደ ሰፈሯ ተመልሳ ሞተች።

ይህን ምንጭ ስታዘጋጁ ታሪኮቹን ብቻ አስቀምጡ። «መጠለያው አየሩን ተጋርቷል፣ ውሃውን ግን አልተጋራም» የሚለውን አትጻፉ። ያንን ማለት ያለበት ተማሪው ነው።

ምንጭ ሐ አጭር ሠንጠረዥ ነው። በየቀኑ ስንት ሰው ታሞ ለሞት እንደበቃ፣ ሰዎቹ በታመሙበት ቀን ተቆጥሮ ያሳያል። ኦገስት 31 ላይ 56፣ ሴፕቴምበር 1 ላይ 143፣ ሴፕቴምበር 2 ላይ 116፣ ሴፕቴምበር 3 ላይ 54፣ ሴፕቴምበር 6 ላይ 20፣ እጀታው በተነቀለበት ሴፕቴምበር 8 ላይ 12። ከቁጥሮቹ ሥር ብዙ ነዋሪዎች ሰፈሩን ጥለው እንደወጡ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ስኖው ራሱ ውሃው ከመከልከሉ በፊት በሽታው በጣም ቀንሶ እንደነበር ጽፏል። ያንን የእሱን አስተያየት ግን ከምንጩ አውጡት። ካስገባችሁት ተማሪው ይገለብጠዋል፤ ሠንጠረዡን የሚያነብ አይኖርም።

ምንጭ መ የመጣው ከሄንሪ ዋይትሄድ ነው። ዋይትሄድ የሰፈሩ ቄስ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ የስኖውን ሐሳብ አልተቀበለም። ቤት ለቤት እየዞረ ሲጠይቅ ግን አንድ ነገር አገኘ። ብሮድ ስትሪት 40 ቁጥር ቤት ውስጥ አንዲት ጨቅላ ወረርሽኙ ከመፈንዳቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ታማ ነበር። እናቷ የሕፃኗ ጨርቅ የታጠበበትን ውሃ የምትደፋው ቤቱ ፊት ለፊት ባለው የፍሳሽ ጉድጓድ ነበር። ጉድጓዱ ሲመረመር ከፓምፑ ውሃ ጋር የሚለያየው ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ሆኖ ተገኘ፤ ግድግዳውም ያፈስ ነበር። የሕፃኗ አባት ደግሞ በኮሌራ የታመመው እጀታው በተነቀለበት ቀን፣ ሴፕቴምበር 8 ነው።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወርቅ ናት። ምንጭ ሐ ተማሪውን «የእጀታው መነቀል ምንም አልጠቀመም» ወደሚል ድምዳሜ ይገፋዋል። ምንጭ መ ደግሞ ቆም አድርጎ ያሳስበዋል፤ አባትየው ሲታመም ፓምፑ ክፍት ቢሆን ኖሮ ውሃው እንደገና ሊበከል ይችል ነበር።

ዋይትሄድ ሌላም ጠንካራ ማስረጃ አለው። የፓምፑን ውሃ ጠጡ ከተባሉ 137 ሰዎች 80ዎቹ ታመው ነበር፤ አልጠጡም ከተባሉ 297 ሰዎች ግን 20 ብቻ። ይህን እኔ ከምንጩ አወጣዋለሁ። ምክንያቱም የመጀመሪያውን አባባል ብቻውን ይጨርሰዋል። ቁጥሩ ካለ ተማሪው ካርታውንም ባልቴቷንም አይፈልግም። ጥሩ ማስረጃን መተው ያሳዝናል፤ ግን እዚህ የምናዘጋጀው ፈተና ነው፣ ተማሪዎቹ ካረማችሁ በኋላ ሊያዩት ይችላሉ።

ደረጃ 3፦ ጥያቄውን ጻፉት

አንድን ጉዳይ በሦስት መንገድ መጠየቅ ይቻላል። ልዩነታቸውን ተመልከቱ።

የመጀመሪያው፦ «የብሮድ ስትሪት ፓምፕ እጀታ መቼ ተነቀለ? ለምን?» ይህ ፈልጎ ማግኘት ነው። አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

ሁለተኛው፦ «አራቱን ምንጮች ተጠቅማችሁ የ1854ቱን የኮሌራ ወረርሽኝ አብራሩ።» ይህ አታላይ ነው። ምንጮችን የሚያዋህድ ይመስላል። ግን «አብራሩ» እና «ተወያዩ» የሚሉ ቃላት ተማሪውን ምንጮቹን ተራ በተራ እንዲያጠቃልል ይጋብዙታል። አራት አንቀጽ ይጽፋል፣ ለእያንዳንዱ ምንጭ አንድ። ሁሉም ትክክል ይሆናል፤ የተገናኘ ነገር ግን የለም።

ሦስተኛው ይህ ነው፦

«ለኅትመት በቀረበ ጽሑፍ ውስጥ ‹የፓምፑ እጀታ መነቀሉ ወረርሽኙን አቆመው› የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ምንጭ ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መን በማገናኘት ዓረፍተ ነገሩን ማስረጃው በሚፈቅደው ልክ አስተካክላችሁ ጻፉት። ቀጥሎ ከ300 በማይበልጡ ቃላት ለምን እንዲህ እንዳስተካከላችሁት አስረዱ። በማስረጃችሁ ውስጥ አንዱ ምንጭ የሌላውን ክፍተት የሚሞላበትን አንድ ቦታ፣ እንዲሁም ሁለት ምንጮች ወደ ተለያየ አቅጣጫ የሚጎትቱበትን አንድ ቦታ አሳዩ።»

ሦስት ነገር ልብ በሉ። ተማሪው አንድ የተወሰነ ነገር ሠርቶ እንዲያስረክብ ታዟል፤ የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር። ያ ዓረፍተ ነገር የትም ተጽፎ የለም። ሁለተኛ፣ የቃላት ገደቡ አራቱን ምንጮች ለመተረክ ቦታ አይሰጠውም፤ ስለዚህ መምረጥና ማገናኘት ይገደዳል። ሦስተኛ፣ የሚፈለገው ግንኙነት በስም ተጠርቷል። «ምንጮቹን አዋህዱ» ማለት ብቻውን አይሠራም፤ ብዙ ተማሪ ማዋሐድ ሲባል መደርደር ይመስለዋል።

«ትስማማላችሁ ወይስ አትስማሙም?» ብላችሁ ባትጠይቁ እመርጣለሁ። ተማሪው ወገን ይመርጥና የሚያግዘውን ምንጭ ብቻ ይለቅማል፤ የማያግዘውን ያልፈዋል።

ደረጃ 4፦ አንዱን ምንጭ ሸፍናችሁ ራሳችሁ መልሱ

ጥያቄውን ከማባዛታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። አንዱን ምንጭ በወረቀት ሸፍኑና በቀሩት ሦስቱ መልሱን ጻፉ። ከዚያ ሌላውን ሸፍኑ። መልሱ ካልተለወጠ የሸፈናችሁት ምንጭ ጌጥ ነው ማለት ነው፤ አውጡት ወይም ለውጡት።

የኛን ጥያቄ እንሞክረው። ለ ሲሸፈን የአየሩን ማብራሪያ የምንጥልበት ጠንካራ ምክንያት ይጠፋል። ሐ ሲሸፈን የተለመደው ታሪክ ሳይነካ ይቆማል፤ ዓረፍተ ነገሩን ለማስተካከል ምክንያት የለም። መ ሲሸፈን መልሱ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፤ «መነቀሉ ከንቱ ነበር» ይሆናል። ሀ ሲሸፈን ለውጡ ያንሳል። ቢሆንም የመጠለያው፣ የጠመቃ ቤቱና የባልቴቷ ታሪክ ብቻ ሲቀር ጥቂት ነጠላ ገጠመኞች ይሆናሉ፤ ስለ ብዙኃኑ ሟቾች የሚናገር ምንጭ የለንም። ስለዚህ ይቆይ።

ተማሪዎቹ መማሪያ መጽሐፋቸውን ይዘው የሚገቡ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከጥያቄያችሁ ውስጥ ጎላ ያሉትን ቃላት መጽሐፉ ማውጫ ላይ ፈልጉ። በሚያደርሳችሁ ገጽ ላይ ድምዳሜው ተጽፎ ካገኛችሁ ጥያቄው ወደ ፍለጋ ተመልሷል።

ደረጃ 5፦ ማረሚያውን ከፈተናው በፊት አዘጋጁ

ማረሚያው ትክክለኛ መረጃን ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ጥያቄው የቱንም ያህል ቢደክምበት ዋጋ የለውም። ሁለት መልስ ላሳያችሁ፤ ሁለቱም ለምሳሌ ያህል የተጻፉ ናቸው።

«ምንጭ ሀ ሟቾች ፓምፑ አካባቢ እንደበዙ ያሳያል። ምንጭ ለ የጠመቃ ቤቱ ሠራተኞች እንዳልሞቱ ይናገራል። ምንጭ ሐ በየቀኑ የታመሙትን ይዘረዝራል። ምንጭ መ ስለ አንዲት ሕፃን ይገልጻል። ስለዚህ ወረርሽኙን ያመጣው ውሃው ነው።»

ይህኛው ላይ የተሳሳተ ነገር የለም። ግን ዓረፍተ ነገሮቹን ብታዘበራርቋቸው ምንም አይቀየርም። ከመካከል አንዱን ብትሰርዙ ሌሎቹ እንዳሉ ይቆማሉ። የመደርደር ምልክቱ ይሄ ነው፤ ስታርሙ በቀላሉ ትለዩታላችሁ።

«ካርታው ብቻውን ለመጥፎ አየርም ማስረጃ ይሆናል። ነገር ግን የመጠለያው ሰዎች ያንኑ አየር እየተነፈሱ በአብዛኛው ተርፈዋል፤ ባልቴቷ ደግሞ ከዚያ አየር ርቃ፣ ያንን ውሃ ጠጥታ ሞታለች። ስለዚህ ካርታው ላይ የምናየው መጨናነቅ የውሃው ነው። ይሁንና ውሃው ጥፋተኛ መሆኑ እጀታው ወረርሽኙን አቆመው አያሰኝም፤ የታመሙት ከ143 ወደ 12 የወረዱት እጀታው ሳይነቀል ነው።»

እዚህ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከፊተኛው ላይ ተንጠልጥሏል። «ነገር ግን»፣ «ስለዚህ» እና «ይሁንና» ሥራ ላይ ናቸው። ቃላቱን ብቻ አትቁጠሩ ታዲያ፤ «ስለዚህ» ብሎ ምንም የማያገናኝ ተማሪም አለ።

ከ20 ነጥብ እኔ እንዲህ አከፋፍላለሁ። ምንጮቹን በትክክል ለማንበብ 4። ለግንኙነቶቹ 10፤ ክፍተት ለሚሞላው 5፣ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ለሚጎትቱት 5። ለተስተካከለው ዓረፍተ ነገር 6። ሙሉ 6 የሚያገኘው ዓረፍተ ነገር ይህን ይመስላል፦ «የፓምፑ ውሃ ወረርሽኙን እንዳሰራጨ ማስረጃው አጥብቆ ያመለክታል፤ እጀታው የተነቀለው ግን በሽታው በአብዛኛው ከቀነሰ በኋላ ነው፤ መነቀሉ ምናልባት ሁለተኛ ዙር እንዳይነሣ ረድቷል።» «አጥብቆ ያመለክታል» እና «ምናልባት» እኩል ክብደት እንዳልተሰጣቸው አስተውሉ። ሁለቱንም አባባል በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት የጻፈ ተማሪ 3 ያገኛል። «ማንም ሊያውቅ አይችልም» ብሎ የሸሸ ደግሞ 1፤ ምክንያቱም ስለ ውሃው በደንብ ማወቅ ይቻላል።

ሰዓቱና አሰጣጡ

ለአንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ 45 ደቂቃ ስጡ። ሩብ ሰዓቱ ለንባብ ይሄዳል። በአንድ ፈተና ውስጥ ከሁለት በላይ አታስገቡ፤ ሦስተኛው ላይ ተማሪው ደክሞት ወደ መደርደር ይመለሳል።

ሀ፣ ለ እና መን ከፈተናው ጥቂት ቀናት ቀድማችሁ ብትሰጡ ጥሩ ነው። ቀስ ብለው የሚያነቡ ተማሪዎች አይጎዱም። ሐን ግን ለፈተናው ቀን አቆዩት። ቤት የተዘጋጀ መልስ ይዞ የመጣ ተማሪ ሠንጠረዡን ሲያይ መልሱን እንደገና ማሰብ ይኖርበታል። ያዘጋጀውን ሳይነካ ከጻፈ ደግሞ ሠንጠረዡ መልሱ ውስጥ ስለማይኖር ወዲያው ይታያል።

ሲበላሽ እንዴት ይታወቃል?

የመጀመሪያዎቹን አሥር ወረቀቶች ነጥብ ሳትሰጡ አንብቡ። ሁሉም አንድ ምንጭ ላይ ብቻ ከተደገፉ ያ ምንጭ ብቻውን ይበቃል ማለት ነው፤ ደረጃ 4ን ዘላችሁታል። የተስተካከሉት ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ አንድ ዓይነት ከሆኑ ምንጮቹ ውስጥ የሆነ ቦታ ድምዳሜው ተጽፎ ቀርቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው በምንጩ ራስጌ ወይም በሠንጠረዡ ርዕስ ውስጥ ነው። ብዙ ተማሪ ስለ ስኖው የሕይወት ታሪክ ከጻፈ ደግሞ ምንጮቹ ሳስተዋል፤ ተማሪው የሚሠራበት ነገር ስላጣ የሚያውቀውን አፈሰሰ።

ጥያቄውን በሚቀጥለው ዓመት ለመድገም አንድ ምንጭ ብቻ መለወጥ ይበቃል። ምንጭ ለን አውጡና በቦታው የዚያ ዘመን የስታቲስቲክስ ባለሙያ የነበረው ዊልያም ፋር በ1849 ስለነበረው የለንደን ኮሌራ ያወጣውን መረጃ አስገቡ። ፋር ከቴምዝ ወንዝ ከፍ እያለ በሄደ ሰፈር የሟቾች ቁጥር እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቶ ነበር፤ ይህንንም ከአየሩ ጋር አያይዞ አየው። ዝቅ ያሉት ሰፈሮች ግን ውሃቸውን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ከወንዙ ቆሻሻ ክፍል ነበር። አንዱ መረጃ ለሁለቱም ማብራሪያ ያገለግላል ማለት ነው። ጥያቄው ያው ሆኖ ሙሉ ነጥብ የሚያስገኘው ዓረፍተ ነገር ይለወጣል፤ ስለ ውሃው «አጥብቆ ያመለክታል» ያልነው አሁን «ሊሆን ይችላል» ወደሚለው መውረድ አለበት። ያለፈውን ዓመት መልስ በቃሉ ይዞ የመጣ ተማሪ እዚህ ጋ ይያዛል።